ኢሜይሉ ስልክ ላይ እንዲነበብ ዓረፍተ ነገሩን የት ልቁረጠው?

ጥያቄ፦ በመሥሪያ ቤታችን ለባልደረቦቼ ማሳሰቢያ በኢሜይል የምልከው እኔ ነኝ። ላፕቶፕ ላይ ስጽፈው አጭር ይመስለኛል፤ ስልኬ ላይ ስከፍተው ግን ግድግዳ ያክላል። ሰዎች ግማሹን አንብበው ይተዉታል መሰለኝ፣ የጻፍኩትን ነገር መልሰው ይጠይቁኛል። ላሳጥር ስል ደግሞ የተቆራረጠና ትእዛዝ የሚመስል ነገር ይወጣል። ዓረፍተ ነገሩንና አንቀጹን የት የት ልቁረጥ? አንዱ ይኸውና፦

«በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ሊሰጥ ታቅዶ የነበረው የአዲሱ የሰነድ አያያዝ ሥርዓት ሥልጠና፣ አሠልጣኙ ባጋጠማቸው ድንገተኛ የሥራ ጉዞ ምክንያት በተያዘለት ቀን መስጠት የማይቻል ሆኖ በመገኘቱ፣ ወደ ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ተዛውሮ በሁለተኛ ፎቅ የስብሰባ አዳራሽ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ተሳታፊዎች ከዚህ ኢሜይል ጋር የተያያዘውን ቅጽ ሞልታችሁ እስከ ሰኞ ቀን 10 ሰዓት ድረስ እንድትልኩና ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ እንድትገኙ፣ መገኘት የማትችሉም ካላችሁ በዚሁ ጊዜ ውስጥ እንድታሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

መልስ፦ ኢሜይሉን ቆጠርኩት። 61 ቃል ነው። ይህ ብዙ አይደለም። አራት ነጥቡ ግን አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ቃል መቀነሱን ለጊዜው እንተወውና መቁረጡን እንያዝ። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንድም ቃል ሳይጥሉ ዓረፍተ ነገር መቁረጥ ይቻላል። ስልክ ላይ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣውም እሱ ነው።

መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ የሚሆነውን እንይ። ላፕቶፕ ላይ በሰፊ መስኮት የተከፈተ ኢሜይል በአንድ መስመር 15 ወይም ከዚያ በላይ የአማርኛ ቃል ይይዛል። ቀጥ ብሎ የተያዘ ስልክ ላይ ግን አንድ መስመር የሚይዘው 5 ወይም 6 ቃል ያህል ነው። እንደ ስልኩ ስፋትና እንደ ፊደሉ መጠን ይለያያል። የራስዎን ለማወቅ አንድ የአማርኛ ኢሜይል ከፍተው የጥቂት መስመሮችን ቃላት ይቁጠሩ። የስልካቸውን ፊደል አጉልተው የሚያነቡም ብዙ ናቸው። እነሱ ዘንድ መስመሩ ወደ 4 ቃል ሊወርድ ይችላል። ይህን እርስዎ አይቆጣጠሩትም፤ የአንባቢው ምርጫ ነው።

ስለዚህ ላፕቶፕ ላይ አራት መስመር የነበረው አንቀጽዎ ስልክ ላይ 12 መስመር ይሆናል። 12 መስመር ያለ አንድ ክፍተት ተደርድሮ ሲታይ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ የለውም። ሰው ስልኩን አውርዶ አንድ ነገር ሠርቶ ሲመለስ የት እንደነበር አያገኘውም። ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ወይም ይተወዋል።

በአማርኛ ደግሞ ነገሩን የሚያከብድ ሌላ ጉዳይ አለ። ማሠሪያ አንቀጹ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አንባቢው ማን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን የሚሉትን ሁሉ በጭንቅላቱ ይዞ ግሱን ይጠብቃል። ሰፊ ስክሪን ላይ ቢያንስ ዓረፍተ ነገሩን በአንድ ዕይታ ያየዋል። ዓይኑን ወደ ኋላ መልሶ «ማን ነበር ያለው?» ብሎ ማረጋገጥ ቀላል ነው። ስልክ ላይ ግሱ ጋ ሲደርስ ባለቤቱ አሥር መስመር ወደ ላይ ርቋል። ፊደሉ ከጎላ ደግሞ ከስክሪኑም ሊወጣ ይችላል።

የእርስዎን ኢሜይል በዚህ ዓይን እንየው። «ማክሰኞ» ሦስተኛው ቃል ነው፤ ስልክ ላይ የመጀመሪያው መስመር ላይ ይወድቃል። «ሐሙስ» 25ኛው ቃል ነው፤ አምስተኛው መስመር ገደማ ላይ ነው። የተሰረዘው ቀን ከላይ፣ ትክክለኛው ቀን ከታች ማለት ነው። ኢሜይሉ ሳይከፈት በዝርዝሩ ላይ የሚታየው የጽሑፉ መጀመሪያም «በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ሊሰጥ ታቅዶ…» ብሎ ይቆረጣል። ሩጫ ላይ ያለ ሰው ይህን አይቶ «እሺ፣ ማክሰኞ ሥልጠና አለ» ብሎ ስልኩን ኪሱ ቢከት አይፈረድበትም።

አሁን ወደ መቁረጫ ቦታዎቹ።

አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲገጥምዎ መጀመሪያ የሚፈልጉት ባለቤቱ የሚቀየርበትን ቦታ ነው። በእርስዎ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አራት ባለቤቶች አሉ። ሥልጠናው ይዛወራል። አሠልጣኙ ጉዞ አጋጠማቸው። ተሳታፊዎች ቅጽ ይሞላሉ። «እኛ» ደግሞ እንጠይቃለን። አራት ባለቤት ባንድ ማሠሪያ ታስሯል። ባለቤቱ በተቀየረ ቁጥር አራት ነጥብ ቢያስቀምጡ ሥራው ከግማሽ በላይ አለቀ።

የሚቆረጠው እንዲህ ነው። ባለቤቱ ከሚቀየርበት ቦታ በፊት ያለውን ያልጨረሰ ግስ ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ «ተዛውሮ»፣ «ሆኖ»፣ «ተደርጎ» የመሰለ ይሆናል። ወይም «ስለሆነ»፣ «በመገኘቱ»፣ «ሲሆን» ይሆናል። እሱን የጨረሰ ግስ ያድርጉት። «ተዛውሮ» የሚለው «ተዛውሯል» ይሆናል። «የሚሰጥ ስለሆነ» የሚለው «ይሰጣል» ይሆናል። ከዚያ አራት ነጥብ። «ሲሆን» በተለይ ጥርጣሬ ይገባዋል። በጽሑፋችን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን እንደማጣበቂያ ሆኖ የሚያያዝ ቃል ነው። እሱን አንሥተው አራት ነጥብ ቢተኩ ትርጉሙ ምንም አይጎዳም።

ሁሉም ያልጨረሰ ግስ ግን መቆረጥ የለበትም። «ቅጹን ሞልታችሁ ላኩልኝ» የሚለውን አልነካም። ሁለቱን የሚያደርገው አንድ ሰው ነው፣ ባንድ ጊዜ ነው፣ ሁለተኛው ያለ መጀመሪያው ትርጉም የለውም። «ቅጹን ሙሉ። ላኩልኝ።» ቢባል የሚገኝ ጥቅም የለም፤ ጆሮን ብቻ ይቧጥጣል። የሚሉት «የተቆራረጠ» ስሜት በአብዛኛው የሚመጣው እንዲህ አብረው መሄድ ያለባቸው ሲለያዩ ነው።

ቀጥሎ የሚታየው ከስም በፊት የሚከመረው ነው። «በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ሊሰጥ ታቅዶ የነበረው የአዲሱ የሰነድ አያያዝ ሥርዓት ሥልጠና።» እዚህ ውስጥ «ሥልጠና» 11ኛው ቃል ነው። አንባቢው ስለ ምን እየተወራ እንደሆነ የሚያውቀው ሁለት መስመር ጨርሶ ነው። እስከዚያ ድረስ ያነበበውን ሁሉ የሚያንጠለጥልበት ነገር የለውም።

መፍትሔው ስሙን ቶሎ መጥራት ነው። ከስሙ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ቃል ብቻ ይተዉ። ለየትኛው ሥልጠና እንደሆነ ለመለየት የሚያስፈልገው ምንድን ነው? «የሰነድ አያያዝ» ይበቃል። የቀረው መግለጫ አስፈላጊ ከሆነ በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ይምጣ። «ሊሰጥ ታቅዶ የነበረው» የሚለው ግን ምንም አይጨምርም። ከማክሰኞ ወደ ሐሙስ ተዛወረ ከተባለ ማክሰኞ ታቅዶ እንደነበር የታወቀ ነው።

ቃል መቀነሱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እሱም ብዙ አያለፋም፤ የሚቀነሱት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው። «መስጠት የማይቻል ሆኖ በመገኘቱ» ማለት «ስላልተቻለ» ማለት ነው። «የማጣራት ሥራ ተሠርቶ» ማለት «ተጣርቶ» ነው። «ከዚሁ ጋር በተያያዘ»ን አንሥቶ ማየት ነው፤ ካልጎደለ ይቅር። ከወረቀት ደብዳቤ የወረስነው «ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው» ደግሞ ስልክ ላይ ከሁሉም የከፋ ነው። ኢሜይሉ ሳይከፈት የምትታየውን ያቺን አንዲት መስመር ጠራርጎ ይበላታል፤ አንባቢው ምንም ሳያውቅ ያልፋል።

እስካሁን ያልነውን ተከትለን ኢሜይሉን እንደገና እንጻፈው። በርዕሱ ቦታ «ሥልጠናው ወደ ሐሙስ ተዛውሯል» ይሁን። ገላው ደግሞ እንዲህ፦

«ሰላም ሁላችሁም፣

የሚቀጥለው ሳምንት የሰነድ አያያዝ ሥልጠና ከማክሰኞ ወደ ሐሙስ ተዛውሯል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በሁለተኛ ፎቅ የስብሰባ አዳራሽ እንገናኝ።

እባካችሁ የተያያዘውን ቅጽ ሞልታችሁ እስከ ሰኞ ቀን 10 ሰዓት ላኩልኝ። መምጣት የማትችሉም እስከዚያው አሳውቁኝ።

ሐሙስ ስትመጡ ላፕቶፓችሁን ያዙ።

ቀኑ የተቀየረው አሠልጣኙ ድንገተኛ የሥራ ጉዞ ስላጋጠማቸው ነው። ለመጉላላቱ ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ከሰላምታው ውጪ 46 ቃል ነው። ሰባት ዓረፍተ ነገር፣ አራት አንቀጽ። ረጅሙ ዓረፍተ ነገር አሥር ቃል ነው፤ ስልክ ላይ ሁለት መስመር ገደማ። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። በአንቀጾቹ መካከል ክፍት መስመር ስላለ ኢሜይሉ ስክሪኑ ላይ የሚይዘው ቁመት ከድሮው ብዙም አይለይም። ግባችን ኢሜይሉን ማሳነስ አይደለም። አንባቢው የትም መስመር ላይ ቢያቆም አንድ ያለቀ ነገር ይዞ እንዲቆም ነው። ከመጀመሪያው አንቀጽ በኋላ ስልኩን ቢዘጋ እንኳ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ይዟል።

«የሚቀጥለው ሳምንት» የሚለውን ሆን ብዬ ነው ያቆየሁት። ለማሳጠር ሲባል መጀመሪያ የሚጣሉት እንዲህ ያሉ ቃላት ናቸው፤ ተራ ይመስላሉ። እሱ ቢወጣ ግን «የትኛው ሐሙስ?» የሚል መልስ ይጎርፋል። እንዲያውም ቀኑን በቁጥር መጻፍ ይሻላል። ኢሜይሉን ዓርብ ልከውት አንዱ ሰኞ ዕለት ቢከፍተው ለእሱ «የሚቀጥለው ሳምንት» ሌላ ሳምንት ነው። ቆርጠው ሲጨርሱ ከድሮው ጋር ጎን ለጎን አድርገው ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ስምና ቁጥር አለመጥፋቱን ይመልከቱ። ሌላው ቢጠፋ ሰው ይገምተዋል። እነዚህን ግን አይገምታቸውም።

ምክንያቱን ወደ መጨረሻ ያወረድኩት ለምን እንደሆነም ልናገር። እኛ ስንጽፍ ምክንያት ማስቀደም ይቀናናል። ጨዋነት ይመስለናል፤ ሰውየውን አዘጋጅተን ነው ውሳኔውን የምንነግረው። ፊት ለፊት ስንነጋገር ትክክል ነው። ስልክ ላይ ግን ምክንያቱ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ይይዝና ዋናውን ነገር ወደ ታች ይገፋዋል። እዚህ ኢሜይል ላይ ምክንያቱን የሚፈልገው «ለምን ተቀየረ?» የሚል ሰው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ እስከ ታች ያነባል። ምክንያቱ ራሱ ዋና ጉዳይ በሆነበት ኢሜይል፣ ለምሳሌ አንድን ጥያቄ ውድቅ ስናደርግ፣ ቅደም ተከተሉ ሊለወጥ ይችላል።

አሁን ወደ «ትእዛዝ ይመስላል» ወደሚለው። ብዙ ሰው ማሳጠር ሲጀምር የሚጽፈው ይህን ነው፦

«ሥልጠናው ተዛውሯል። ሐሙስ ነው። 3 ሰዓት ነው። ቅጹን ሙሉ። ሰኞ ላኩ። ላፕቶፕ ያዙ። የማትመጡ አሳውቁ።»

ይህ አጭር ነው፤ ግን ማንም ደስ ብሎት አያነበውም። አንደኛ፣ ሁሉም ዓረፍተ ነገር ሁለትና ሦስት ቃል ስለሆነ ምቱ አንድ ነው። ሰው ሲናገር እንዲህ አይናገርም። ከላይ ባለው ረቂቅ ውስጥ አራት ቃል ያለው ዓረፍተ ነገር አለ፣ አሥር ቃል ያለውም አለ። ለስልክ የሚጻፍ ዓረፍተ ነገር ባብዛኛው ከ6 እስከ 12 ቃል ቢሆን ጥሩ ነው። አንዱ 15 ቢደርስ ምንም አይደለም፤ ተከታትለው ሦስቱ 15 ቢደርሱ ነው የሚከብደው።

ሁለተኛ፣ ማያያዣው ሁሉ ጠፍቷል። ዓረፍተ ነገር ሲቆረጥ «ስለዚህ»፣ «ግን»፣ «ከዚያ በፊት»፣ «እስከዚያው» አብረው ይረግፋሉ። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች በምክንያት የሚገናኙ ከሆነ ማያያዣውን በሁለተኛው መጀመሪያ ላይ መልሱት። «አዳራሹ እስከ ዓርብ ይታደሳል። ስለዚህ ስብሰባው ታች ነው።» «ስለዚህ» ባይኖር አንባቢው ሁለት የማይገናኙ ዜናዎች የሰማ ይመስለዋል። አንድ ቃል ቦታ አይፈጅም።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ጨዋነት ያለው በርዝመት ውስጥ አይደለም። አማርኛ ጨዋነቱን የሚሸከመው በግሱ ላይ ነው። «ላኩ» ትእዛዝ ነው። «ላኩልኝ» ልመና ይቀርበዋል። «እባካችሁ» ሲጨመርበት ያለቀለት ነው። ለአለቃ ወይም ለማያውቁት ሰው ከሆነ «ይላኩልኝ» አለ፤ ከዚያም ለስለስ ማድረግ ከፈለጉ «ቢልኩልኝ» አለ። «በዚሁ ጊዜ ውስጥ እንድታሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን» የሚለውን «እባካችሁ እስከዚያው አሳውቁኝ» ቢሉት አክብሮቱ አልተነካም። እንዲያውም ሰው የጻፈው ይመስላል።

አንድ ጥንቃቄ ግን። እባካችሁን በየዓረፍተ ነገሩ አይደጋግሙ። በአንድ ኢሜይል አንድ ጊዜ፣ ዋናው ጥያቄ ላይ ይበቃል። በሁሉም ላይ ሲገባ ተማጽኖ ይሆናል፤ የትኛው አስቸኳይ እንደሆነም አይለይም።

መቁረጥ የሌለብዎት ቦታም አለ። ቅድመ ሁኔታን ከውጤቱ አይለዩ። «ቅጹን እስከ ሰኞ ካልላካችሁ ቦታ አይያዝላችሁም» የሚለውን እንዳለ ይተዉት። ስድስት ቃል ነው፤ ደግሞም አማርኛ ሁኔታውን ከፊት ስለሚያስቀምጥ ውጤቱ ያለ እሱ አይነበብም። አንዳንዱ ግን ለማሳጠር ብሎ «ቦታ ተይዞላችኋል። ቅጹን ከላካችሁ ነው።» ይላል። አንባቢው የመጀመሪያውን አራት ነጥብ አይቶ ሄደ። ሐሙስ መጥቶ ወንበር ሲያጣ ስልኩን አውጥቶ «ተይዞላችኋል» የሚለውን ያሳይዎታል፤ ምን ይሉታል? ገንዘብ፣ ቀነ ገደብ ወይም ግዴታ ያለበት ዓረፍተ ነገር ከሆነ ረዘም ቢልም ባንድ ይሂድ። የሐዘንና የመሳሰለው መልእክትም በዚህ ዓይነት መቀስ አይነካም፤ እዚያ ሌላ ነገር ነው የሚያስፈልገው።

አንቀጽ ጋ ስንመጣ መለኪያው ቀለል ይላል። አንድ አንቀጽ አንባቢው ባንዴ የሚይዘው አንድ ጉዳይ ነው። ከላይ ባለው ረቂቅ የመጀመሪያው አንቀጽ የሚታወቅ ነው፦ መቼና የት። ሁለተኛው ከመምጣት በፊት የሚደረግ ነው። ሦስተኛው በዕለቱ የሚደረግ። አራተኛው ምክንያት። «ላፕቶፓችሁን ያዙ» ብቻውን አንድ አንቀጽ የሆነው ከቅጹ ጋር ቢቀመጥ ስለሚረሳ ነው። አንዱ ሰኞ የሚሠራ፣ ሌላው ሐሙስ የሚሠራ ነገር ነው።

ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ለአንድ አንቀጽ በቂ ነው፤ ስልክ ላይ ከ4 እስከ 6 መስመር ይሆናል። የአንድ ዓረፍተ ነገር አንቀጽ ይቻላል፤ ግን ይቆጥቡት። ብቻውን የቆመ መስመር ዓይን ይስባል። ሁሉም ብቻውን ከቆመ ግን ምንም የሚስብ የለም። ማስታወቂያ የሚልኩልን ሰዎች እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በየራሱ አንቀጽ ሲያደርጉት ያዩ ይሆናል። አውራ ጣት ይደክማል እንጂ ጭንቅላት ውስጥ የሚቀር ነገር የለም።

አንቀጽ ሲለዩ ክፍት መስመር ይተዉ። ወደ ውስጥ ገባ ብሎ መጀመር ለመጽሐፍ ነው፤ ጠባብ ስክሪን ላይ ያቺን አንድ ቃል የምታክል ክፍተት ማንም አያያትም። በየመስመሩ ጫፍ ኢንተር መምታት ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። ላፕቶፕ ላይ መስመሩ ያምራል። ስልክ ላይ ግን መስመሩ በራሱ ይታጠፍና እርስዎ የመቱት ኢንተር ደግሞ ከመሃሉ ይሰብረዋል። አንድ ሙሉ መስመር፣ አንድ የሁለት ቃል መስመር፣ አንድ ሙሉ፣ አንድ የሁለት ቃል እየሆነ ይወርዳል። እንዲህ የተሰባበረ ኢሜይል ካዩ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ጽሑፉ ከሌላ ሰነድ ኮፒ ተደርጎ ሲመጣም ያጋጥማል።

ትንሽ ነገር ናት፣ ግን ታናድዳለች፦ ከአራት ነጥብ በፊት ክፍተት አይተዉ። ክፍተት ካለ ስልኩ አራት ነጥቡን እንደ ሌላ ቃል ይቆጥረውና ብቻውን ወደሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ይወረውረዋል። ላፕቶፕ ላይ አይታወቅም፤ ስልክ ላይ በየአንቀጹ ሊታይ ይችላል።

የሚደረጉ ነገሮች ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ በቁጥር ይዘርዝሯቸው፣ እያንዳንዱ ከሁለት መስመር አይለፍ። በዝርዝር ውስጥ ሌላ ዝርዝር አይግባ፤ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር መስመሩ እየጠበበ ሦስት ቃል ይደርሳል። ሠንጠረዥ ካለ ወደ መስመር ይለውጡት ወይም አያይዘው ይላኩት። ጽሑፉ ተቆርጦም ከሁለት ስክሪን ካለፈ ምናልባት ሁለት ኢሜይል ነው። የሥልጠናው ቀንና የዓመት ፈቃድ ቅጽ ባንድ ኢሜይል ከሄዱ አንደኛው መረሳቱ አይቀርም።

ከመላክዎ በፊት ለራስዎ ይላኩትና ስልክዎ ላይ ይክፈቱት። ስልኩ ከሌለ የኮምፒውተሩን መስኮት ከጎን ገፍተው የስልክ ስፋት እስኪያክል ያጥብቡት፤ ሙሉ በሙሉ ባይመስልም አንቀጹ ስንት መስመር እንደሚሆን ያሳያል። ሁለት ነገር ይመልከቱ። ሳይከፈት በዝርዝሩ ላይ የሚታየው መስመር ምን ይላል? ሲከፈት ደግሞ የሚፈልጉት ነገር፣ ማለትም «ላኩልኝ» ወይም «አሳውቁኝ» የሚለው፣ ስክሮል ሳይደረግ ይታያል? ካልታየ ከላይ ያለውን አንቀጽ ያውርዱት። ከዚያ ድምፅዎን አሰምተው አንዴ ያንብቡት። ትንፋሽ ያጠረዎት ቦታ ላይ አራት ነጥብ ይጎድላል። የሮቦት ንግግር የመሰለዎት ቦታ ላይ ደግሞ ሁለቱን መልሰው ያጋጥሟቸው።

ከላኩ በኋላ የሚመጡት መልሶች ራሳቸው የት እንዳልተነበበ ይነግሩዎታል። ሁለት ነገር ጠይቀው ሁሉም የመጀመሪያውን ብቻ ከመለሱ፣ ሁለተኛው የተጠየቀው በአንቀጽ መሃል ነው፤ የራሱን አንቀጽ ይስጡት። የተጻፈውን ነገር ደግመው የሚጠይቁ ከሆነ መልሱ ያለው ከመጀመሪያው ስክሪን በታች ወይም በረጅም ዓረፍተ ነገር ሆድ ውስጥ ነው። «እሺ» ብቻ ብለው ቅጹን ካልላኩ ደግሞ ዜናውን አንብበዋል፣ ጥያቄውን አላዩትም። ያኔ የሚቀጥለውን ኢሜይል በጥያቄው ይጀምሩት፦ «እባካችሁ ቅጹን ዛሬ ላኩልኝ። ሥልጠናው ሐሙስ ነው።»